«ቤት ሲገቡ ምን ይሏቸዋል?» የሚሉት አስተርጓሚ

ከመድኃኒት መስጫው መስኮት አጠገብ አንድ ትከሻው ሰፊ ፈረንጅ በወረቀት ኩባያ የተቀዳ ጥቁር መድኃኒት ይዞ ቆሟል። ወደ አፉ ያስጠጋዋል፣ ይሸተዋል፣ መልሶ ያወርደዋል። በአግዳሚው ላይ የተቀመጥነው በሽተኞች ሁሉ እያየነው ነበር። ሌላ ምን የሚታይ ነገር አለ? ሰውየውም መታየቱን አውቋል፤ ጆሮው ቀልቷል።

በዚህ መሃል አጠር ያሉ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት በአጠገቡ ሲያልፉ ቆም አሉ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች የደረቀች ፕሪም አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡትና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመሩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሲሰጡ እኛም አፍረን ዓይናችንን ወደ መሬት መለስን። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው፤ ፊቱ እንደተጨመቀ ሎሚ ሆነ።

«አለቀ?» አሉ ሴትዮዋ ሳይዞሩ።

«አለቀ።»

«ጎበዝ! አሁን ፕሪሟን።»

ከሄዱ በኋላ ተነሥቼ ማስታወቂያውን አነበብኩት። ያለፈው ዓመት የእሳት አደጋ ልምምድ ጥሪ ነበር።

እትዬ ኩዋንግን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በዚህ ነው። ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ቻይናዎቹ ሰውነት ላይ ለሚተክሉት ቀጭን መርፌ የምመላለስበት ወቅት ነበር። ወደዚህች የቻይና ከተማ፣ ወደ ጓንግዡ፣ ከመጣሁ ልጆቼ ቁመቴን አልፈዋል፤ ቋንቋውንም ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከካርቶን ላይ ጽሑፍና ከአሮጌ መጻሕፍት ለቃቅሜዋለሁ። የቃል ነገር ስለሚገርመኝ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ ሥራቸው ቃል ከሆነ ሰው ጋር አገናኘኝ።

እትዬ ኩዋንግ ይንግ-ሚን የሆስፒታሉ የባህል ሕክምና ክፍል አስተርጓሚ ናቸው። ተወልደው ያደጉት በአሮጌው ምዕራብ ሰፈር ነው፤ አባታቸው ከትልቅ የነሐስ ማሰሮ መራራ የቅጠል ሻይ እየቀዱ ይሸጡ ነበር። ሙቀት ለገባበት አንዱን፣ እርጥበት ለከበደው ሌላውን። «ሺ» የሚሉትን፣ እኛ እርጥበት ልንለው የምንችለውን ነገር፣ እትዬ ኩዋንግ ከፊደል በፊት ነው የተማሩት። በመጋቢት የደቡቡ ነፋስ ሲመለስና ግድግዳው ማላብ ሲጀምር፣ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ የሰፈሩ ሰው «ሰውነቴም እንዲሁ ሆነ» ይላል፤ ቀይ ባቄላ ገብስ ከሚመስለው ነጭ ፍሬ ጋር ይቀቅላል፣ ይጠጣል። ማንም ማንንም ምን ማለትህ ነው ብሎ አይጠይቅም።

እንግሊዝኛውን የተማሩት በከተማዋ የንግድ ትርኢት አዳራሽ ፔርሙስ እያሻሻጡ ነው። «ፔርሙስ ለማስተርጎም ቀላል ነው» ይላሉ። «ሙቁን ሙቅ አድርጎ ያቆያል። አለቀ። ሰውየውም ከፍቶ እጁን ያስገባና ያረጋግጣል። ሺን ግን ከፍቶ እጁን የሚያስገባበት የለውም። የምሰጠው ቃል ብቻ ነው። ቃሌን ይዞ አውሮፕላን ይሳፈራል።»

ለዚህ ነው የእሳቸው አሠራር ከሌሎቹ የሚለየው። ሐኪሙ ተናግሮ እሳቸው ካስተረጎሙ በኋላ በሽተኛውን አይለቁትም። ከሹራባቸው ኪስ ትንሽ ክብ መስተዋት ያወጣሉ። «ምላስዎን ያውጡ። ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አዩ? ይኼ ነጭ ወፍራም ሽፋንስ፣ ቅባት የነካ የሚመስለው? ሐኪሙ ሺ ሲል ይኼን አይቶ ነው። ሰውነቴ ይከብደኛል፣ ሆዴ ይነፋል ያሉትንም ሰምቶ።» መጨረሻ ላይ ያቺን ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ፦ «አሁን ቤት ሲገቡ ምን ይሏቸዋል?»

የሚመጣው መልስ ነው ጉዱ። አንድ የስኮትላንድ መሐንዲስ ጣፊያዎ ደክሟል ተብሎ ቁጭ ብሎ አሰበና፣ «እቤት ስገባማ፣ የደከመው ጣፊያዬ ከመኪና አደጋ በኋላ አበርዲን ውስጥ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ቀርቷል እላቸዋለሁ። ደክሞት ከሆነ አይፈረድበትም» አለ። እትዬ ኩዋንግ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያም እንባቸውን ጠርገው፣ የድሮዎቹ ሐኪሞች በዚያ ስም የሚጠሩት ሥጋውን ሳይሆን ምግብን ለውጦ ለሰውነት የማድረስን ሥራ እንደሆነ፣ በመቁረጥም በመስፋትም እንደማይገኝ አስረዱት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ናይጄሪያዊ ሰባኪ መርፌ ሊወጉት ሲሉ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። የሆነ ሰው ሐኪሞቹ «ቺ» የሚሉት የሕይወት መንፈስ ነው ብሎት ኖሯል።

«እኔ የማገለግለው አንድ መንፈስ ነው!» አለ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ።

«ፓስተር፣ ይቀመጡ። መርፌ የለም፤ ወሬ ብቻ ነው» አሉት እትዬ ኩዋንግ። «ቺ የሚጸልዩለት ነገር አይደለም፤ ስሙን ጠርተውት የሚመጣም አይደለም። ደረጃ ሲወጡ ያልብዎታል፣ ድምፅዎ እሑድ ከሰዓት ላይ ይጠፋል፣ በትንሹ ይደክምዎታል አላሉም? የኛ ሐኪሞች ይኼን አንድ ላይ ሲያዩት ቺ አነሰ ይላሉ። የሚለካበት መሣሪያ የለም፤ በደም ምርመራም አይወጣም። እኛ ግን በዚህ መንገድ እናስባለን። አልፈልግም ካሉም መብትዎ ነው፤ ማንም አይቀየምዎትም።»

ሰባኪው ሸሚዙን መቆለፉን ተወ። «ለምን መጀመሪያውኑ እንዲህ አላላችሁኝም?» አለ።

«እንዲህ ሲባል ረዥም ነው። ሰው ደግሞ አጭር ይወዳል» አሉት።

ያን ቀን በልቤ አመሰገንኳቸው። እምነት ያለውን ሰው ሳያስፈሩ፣ የራሳቸውን አባቶች ጥበብም ሳያዋርዱ፣ በሁለቱ መሃል ቀጭኑን መንገድ ሲሄዱ አየሁ። ማባበል ቀላል ነው፤ ማጣጣልም ቀላል ነው።

አሁን ወደ ዴዴ ልምጣ።

ዴዴ ኳርቴይ የአክራ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ለዓመታት ጓንግዡ ስትመላለስ በቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ተዋወቅን። ሳቋ ከአገሯ ከበሮ ይልቃል። የደም ግፊት አለባት፤ ልቧም ትንሽ እንደደከመ ያገሯ ሐኪም ነግሯት ሁለት ዓይነት ክኒን ትወስዳለች፣ አንዱ ለግፊቱ፣ አንዱ ከሰውነት ውሃ የሚያስወጣ። ባለፈው የጸደይ ወራት ሰውነቴ ከበደኝ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ ስትል እኔው ነኝ ወደ ሐኪም ኦው የወሰድኳት። ሐኪም ኦው ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሦስት ጣታቸውን የእጅ አንጓ ላይ ሲያሳርፉ ክፍሉ ሁሉ ዝም የሚልላቸው አዛውንት ናቸው።

በዚያ ቀን እትዬ ኩዋንግ አልነበሩም። ቻይናዎች የዘመዶቻቸውን መቃብር የሚጠርጉበት በዓል ስለነበር ወደ ወላጆቻቸው መቃብር ሄደዋል። እኔም ትከሻዬ ላይ መርፌ ተተክሎ በሌላ ክፍል ተኝቼ ነበር። ተተክታ የገባችው የመዝገብ ክፍል ልጅ እንግሊዝኛዋ ቀጭን ስለሆነ፣ ሐኪም ኦው የተናገሩትን በግማሽ ካለች በኋላ ስለ ሺና ስለ ቺ በእንግሊዝኛ የሚያስረዳውን፣ ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠውን ባለቀለም ወረቀት ለዴዴ አስይዛ ሸኘቻት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዴዴ ለቀጠሮዋ ስትመጣ ጫማ አልገባላት ብሎ ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር። ከመኪና ወርዳ እስከ በሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ቆመች።

«ምነው ዴዴ?» ብላት፣

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ይብሳል፣ ኋላ ይሻላል አይሉም?» አለችኝ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም ሰው!»

ሐኪም ኦው አንጓዋን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ምላሷን አዩ። እትዬ ኩዋንግ በዚህ ጊዜ ነበሩ። ሐኪሙ ሺው እንደከበደ፣ ቺዋም ዝቅ እንዳለ ተናገሩ፤ እትዬ ኩዋንግ አስተረጎሙ፣ መስተዋታቸውን አወጡ፣ አሳዩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣

«ማዳም ዴዴ፣ አክራ ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ይሏቸዋል?» አሉ።

ዴዴ ጥያቄውን ወደደችው። ወንበሯ ላይ ተስተካክላ እጇን ዘረጋች። «እንዴ፣ ግልጽ አይደል! ‹አንተ ሰውዬ፣ ቻይናዎቹ ሰውነቴ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ አገኙ› እለዋለሁ። ወረቀታችሁ ላይ እንዳለው፣ በመጋቢት እንደሚያልበው ግድግዳ። መድኃኒታቸው ውሃውን ይጠርጋል። እና እኔ ሞኝ አይደለሁም! ካገሬ ያመጣሁት የውሃ ክኒንም ውሃ ነው የሚያወጣው። ሁለት ባልዲ ከአንድ ጉድጓድ? እንደ አገሬ ኬታ ከተማ ደረቅ ዓሣ ልሆንላችሁ ነው? ያገሬን ተውኩት።»

እኔ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን አነጋገሯ ያስቅ ነበር። እትዬ ኩዋንግ አልሳቁም። መስተዋቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«መቼ ነው የተዉት?»

«ወረቀቱን ያነበብኩ ዕለት።»

«ማታ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«ተቀምጬ። ስጋደም ትንፋሼ ያጥረኛል።»

እትዬ ኩዋንግ ወደ ሐኪሙ ዞረው በአገራቸው ቋንቋ ሁሉንም ነገሯቸው። ሐኪም ኦው ፊታቸው ተለወጠ።

«ያገሯን ክኒን እንዳታቋርጥ ብዬ ነበር እኮ!» አሉ። «በአፌ ብያለሁ። አልደረሳትም?»

«አልደረሳትም።»

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው የዴዴን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሡ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ቀና ብለው ትከሻቸውን አስተካከሉ። «ይኼ ዛሬ የእኔ አይደለም። ወደ ታች፣ ወደ ልብ ክፍል። አሁኑኑ። በእግሯም እንዳትሄድ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ለብዙ ሰው ቀላሉ ነገር «ሐኪሙ ወደ ታች ውረጂ ብለዋል» ብሎ ማለፍ ነበር። እትዬ ኩዋንግ ግን ወንበራቸውን ስበው ከዴዴ ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ።

«ማዳም ዴዴ፣ ያቺን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ። ድሮ፣ እዚህ እንደተቀጠርኩ። ስለ ግድግዳው የሚለውም የእኔ ነው። እኔ እዚህ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ነገሩ ግድግዳው ላይ ያለ ያህል ግልጽ ነበር። እርስዎ ውሃ መስሎዎት ቢያነቡት ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ውሃ ነው ወይስ አይደለም?» አለች ዴዴ። ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ።

«እግርዎ ላይ ያለው እውነተኛ ውሃ ነው። ልብዎ ስለደከመ ነው የተጠራቀመው፤ እሱን የሚጠብቅልዎት ያ ክኒን ነበር። ሐኪም ኦው ሺ ያሉት ደግሞ ሆድዎን፣ ምላስዎን፣ ክብደትዎን አይተው የሰጡት ስም ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይመጣሉ። ነገር ግን የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ቦታ አይሞላም። እኔ ሁለቱን በአንድ ቃል ጨፈለቅኋቸው።»

«ነገ እኮ ዕቃዬ ይጫናል! በሳምንቱ እበራለሁ!»

«ዕቃው ያለ እርስዎ ይጫናል። እርስዎ ግን ያለ ልብዎ አይበሩም።»

ዴዴ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይቺ ሴትዮ ሰው ስታስፈራራ እንኳ በትሕትና ነው» አለችና እጇን ዘረጋችላቸው። እትዬ ኩዋንግ ተሽከርካሪ ወንበሩን ራሳቸው ገፉ። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ከዳዊት የማውቃትን አንዲት መስመር ደጋግሜ አልኩ። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ታች ያሉት ሐኪሞች ልቧን በመሣሪያ አዩ፣ ደረቷን አዳመጡ። ሳንባዋ ውስጥም ውሃ ገብቶ ነበር። አስተኝተው በደም ሥሯ ውሃ የሚያስወጣውን መድኃኒት ሰጧት። አንዷ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ፣ «በዚህ ሁኔታ ያን ረጅም በረራ ብትሄድ ኖሮ…» አለችና የጀመረችውን ሳትጨርስ ሄደች። እትዬ ኩዋንግ ይህንንም ለዴዴ አስተረጎሙ፤ በግማሽ የተባለውን በግማሽ። የራሳቸውን ፍርሃት አልጨመሩበትም።

በማግስቱ ትከሻዬን ለማስወጋት ስመጣ፣ እትዬ ኩዋንግ ከየመደርደሪያው ወረቀቶቹን እየለቀሙ በካርቶን ሲያስገቡ አገኘኋቸው። የክፍሉ ኃላፊ ፉ ከኋላቸው ይከተላል። ፉ መልካም ሰው ነው፤ ክፍሉ እንዲታወቅ ቀን ከሌት የሚሮጥ።

«እትዬ ኩዋንግ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የጻፍኩትን እየለቀምኩ ነው።»

«ሰው እኮ ወዶታል! ‹በጣም ግልጽ ነው› የሚለን በሽተኛ ብዛት! ቺ ማለት ጉልበት፣ ሺ ማለት ትርፍ ውሃ። አንድ ልጅ እንኳ ይገባዋል።»

«አዎ፣ ገብቷቸዋል። ችግሩ የገባቸው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ጉልበት ያልኩት ጊዜ አንዱ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የኃይል መጠጥ በቀን በቀን ሲጋት ከረመ፤ ልቡ ሲደልቅ መጣ። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ያኔ ነበር መልቀም የነበረብኝ።»

ፉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እና ምን እንበል? ‹መሣሪያ አያየውም፣ ደም ምርመራ አያገኘውም› ብለን እንጻፍ? የራሳችንን ሕክምና በራሳችን አፍ እናሳንስ?»

መልሱ ከበሩ መጣ። ሐኪም ኦው ፔርሙሳቸውን ይዘው ቆመው ኖረዋል። «ልጄ፣ እኔ የምለው ሌላ፣ ወረቀትህ የሚለው ሌላ ከሆነ፣ ያ ወረቀት የማንን ሕክምና ነው የሚያስተዋውቀው? እኔ ትርፍ ውሃ የሚባል በሽታ አክሜ አላውቅም።» ሻያቸውን አንዴ ፉት አሉ። «ደግሞ ከዚያች ሴት መድኃኒት ውስጥ አብሮ የሚቀቀለውን ጣፋጭ ሥር አውጥቼዋለሁ። ግፊት ላለበት፣ የውሃ ክኒን ለሚወስድ ሰው እሱ አይስማማም። የምትወስደውን ክኒን ዓይነት በደንብ ብሰማ ኖሮ መጀመሪያም አላስገባውም ነበር። ወሬ ሲጎድል መድኃኒትም ይጎድላል።»

ፉ ጭንቅላቱን አከከ። ከካርቶኑ አንድ ወረቀት አንሥቶ ረጅም ጊዜ አነበበ፣ መልሶ ጣለው። «እሺ፣ አዲስ ይጻፉ» አለ። «ግን እባክዎ እትዬ፣ አጭር!»

«እሞክራለሁ። ስጨርስ ግን ላንተ አነብልህና ቤት ስትገባ ለእናትህ ምን እንደምትላት ትነግረኛለህ።»

«እናቴ እኮ ሺ ምን እንደሆነ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ታውቃለች!»

«እዚያ ላይ ነው ችግሩ! የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚን ያበላሻል» አሉትና ሁላችንም ሳቅን፤ ፉም ጭምር። ካርቶኑንም እሱ ነው ተሸክሞ ያወጣው።

ዴዴ ከአልጋ ስትነሣ እግሯ ወደ ጫማዋ ተመልሶ ነበር። ለመሰናበት ወደ ላይ ወጣች። ሐኪም ኦው የተስተካከለውን መድኃኒት ሰጧት፤ የልብ ክፍሉ ሐኪም አይታ ይሁን ብላበታለች። እትዬ ኩዋንግ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዴዴ እጇን አነሣች።

«አይጠይቁኝ፣ አውቄዋለሁ! ባሌን እንዲህ እለዋለሁ፦ ‹ስማ፣ ሺ የቻይና ሐኪሞች የክብደቴንና የሆዴን ነገር የሚጠሩበት ስም ነው። ማሽን አያየውም፤ እነሱም ያየዋል አላሉኝም። ምላሴን ግን አሳይሃለሁ። ቺ ደግሞ መንፈስም አይደለም፣ የቆርቆሮ መጠጥም አይደለም፤ ድካሜን የሚያነቡበት መንገድ ነው። ክኒኔ ልቤን ይጠብቃል፤ ቅጠሉን ለሆዴ እጠጣለሁ። አንዱን ከመተዌ በፊት ሁለቱንም ሐኪሞች እነግራለሁ። አንተም ክኒኔን ስረሳ ዝም ካልክ ወዮልህ!›»

እትዬ ኩዋንግ ከሹራባቸው ኪስ አንዲት የተጠቀለለች ፕሪም አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ዓይናቸውን ለመደበቅ ነው መሰለኝ፣ ዞር ብለው ግድግዳውን ማንበብ ጀመሩ።

የዚህች ሴት ሥራ ስሙ የማይጠራ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሲያድን ሐኪሙ ይመሰገናል፤ መድኃኒቱ ሲያሽር መድኃኒቱ ይመሰገናል። በሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ ከዚህኛው የተቀበለውን ለዚያኛው ሳያጎድል ሳይጨምር የሚያደርስ፣ ሲሳሳት ደግሞ የሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ ጉልበት ለጉልበት የሚቀመጥ ሰው ግን ማን ያየዋል? እግዚአብሔር ያያል ብዬ አምናለሁ። እኔም ያየሁትን ጻፍኩ።

ባለፈው ሰሞን ትከሻዬ ደኅና ቢሆንም ሰላም ልላቸው ሄድኩ። አዲሱ ጽሑፍ አልቆ ነበር። ሁለት ገጽ ብቻ ናት። ቺ ቺ ተብሎ፣ ሺም ሺ ተብሎ በስሙ ቀርቷል፤ ከሥሩ ሐኪሙ የሚያየው ምን እንደሆነ፣ የሚያደርገው ምን እንደሆነ፣ ነገሩ ደግሞ ምን እንዳልሆነ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ በትልቁ፣ የያዙትን ክኒን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አያቋርጡ ይላል። ሻይ እየቀዱልኝ ስለ አገሬ በሽታ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ምች አጫወትኋቸው። ፀሐይ ላይ ውሎ ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ የመታውን ሰው፣ ከንፈሩ ላይ የሚወጣውን፣ የዳማከሴውን ቅጠል ነገር።

«እንግሊዝኛው ምንድነው?» አሉኝ።

አሰብኩ፣ አሰብኩ። ለዴዴ አንድ ጊዜ ልነግራት ሞክሬ ጉንፋን ነው ብያት ነበር። ጉንፋን ግን አይደለም። «የለውም» አልኳቸው።

ከልጅነታቸው ጓደኛ ጋር የተገናኙ ያህል ፊታቸው በራ። «አየሽ! አንቺ ምች ያለብሽ ሰው ነሽ። ስለዚህ ይገባሻል።» ሁለቷን ገጽ አጥፈው በእጄ አስያዙኝ። «ያገርሽ ሰዎች አሁን ይመጣሉ፤ ባለፈው ወር ብቻ ስንቱን በእጅ ምልክት ሸኘሁ። አንድ ውለታ እለምንሻለሁ። ይኼን ባማርኛ ጻፊልኝ። ቃል ሲጠፋሽ አትደንግጪ፣ ቀዳዳውን በሚያምር ቃል አትድፈኚው፤ እኔ ደፍኜው ያመጣሁትን መዘዝ አይተሻል። ስትጨርሺ ደግሞ ለእኔ አታንብቢልኝ፣ አልገባኝምና ቆንጆ ነው እልሻለሁ። ቻይና መጥቶ ለማያውቅ፣ ካገርሽ ገና ለደረሰ አንድ ሰው አንብቢለት። ከዚያ ቤት ሲገባ ለሚስቱ ምን እንደሚላት ጠይቂልኝ። የሚልሽን ምንም ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ?»